ጥላ የሚጠፋበት ቀትር፦ ኮታንጀንት፣ ኮሴካንትና ሴካንት የሚበየኑባቸውና የማይበየኑባቸው ቦታዎች



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሦስት ፈንክሽኖች ነው፤ እነሱም ኮሴካንት፣ ሴካንትና ኮታንጀንት ናቸው። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት ሰፊ ቦታ ይዘው ከተብራሩ በኋላ፣ እነዚህ ሦስቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ገጽ ተጠቃልለው ይቀርባሉ። ብያኔያቸውም አጭር ነው፤ እያንዳንዳቸው የአንዱ ተገላቢጦሽ ናቸው ይባላል።

csc θ = 1 / sin θ
sec θ = 1 / cos θ
cot θ = 1 / tan θ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች እንከን የለባቸውም። ሦስተኛው መስመር ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል፤ ያም ቦታ 90 ዲግሪ ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው፣ ይህ መሰናክል የቃላት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን፣ ይልቁንም በምንኖርባት በሐዋሳ ከተማ በዓመት ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ወርዶ ሊለካ የሚችል ነገር መሆኑን ነው።

ጉዳዩ ይህ ነው። የ90 ዲግሪ ታንጀንት አልተበየነም፤ ምክንያቱም ታንጀንት ሳይን ለኮሳይን ሲካፈል ነው፣ የ90 ዲግሪ ኮሳይን ደግሞ ዜሮ ነው። እንግዲህ ኮታንጀንት የታንጀንት ተገላቢጦሽ ከሆነ፣ የሌለ ነገር ተገላቢጦሽ ሊኖረው ስለማይችል፣ የ90 ዲግሪ ኮታንጀንትም የለም ማለት ይሆናል። ነገር ግን ኮታንጀንትን በሌላ መንገድ ብንበይነው፣

cot θ = cos θ / sin θ

ብንል፣ በ90 ዲግሪ ላይ ላዕሉ ዜሮ፣ ታሕቱ አንድ ይሆናል፤ መልሱም ዜሮ ነው። ሁለቱ ብያኔዎች በሌሎች ዘዌዎች ሁሉ ይስማማሉ፤ በ90 ዲግሪና ከእሱ በ180 ዲግሪ እየራቁ በሚመጡት ዘዌዎች ላይ ግን ይለያያሉ። ታዲያ የትኛው ነው ትክክል? ለዚህ መልስ ለመስጠት ወደ ጥላ መሄድ ይኖርብናል።

ኮታንጀንት የተወለደው ከጥላ ነው። አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ በተስተካከለ መሬት ላይ ተተክሏል እንበል። ፀሐይ ከአድማስ በላይ በ θ ዲግሪ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ዘንጉ፣ ጥላውና ከዘንጉ ጫፍ እስከ ጥላው ጫፍ የሚወርደው ጨረር አንድ ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ይሠራሉ። የዘንጉ ቁመት 1 ሜትር ከሆነ፣ የጥላው ርዝመት በሜትር ሲለካ cot θ ነው፤ የጨረሩ ርዝመት ደግሞ csc θ ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ይሠራ የነበረው ሐበሽ አል-ሐሲብ (ስሙ ወደ እኛ ቢያመላክትም ሰውየው የመርቭ ተወላጅ ነበር) የዚህን ጥላ ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል። በዐረብኛ ፈንክሽኑ የተጠራበት ቃል «ዚል» ነው፤ ይህም ከግእዙ «ጽላሎት» ጋር አንድ ሥር ያለው፣ ትርጉሙም ጥላ ማለት ነው። በሀገራችንም ቢሆን ሰዓትን በጥላ ማወቅ፣ ጥላውንም በእግር እየረገጡ መለካት የቆየ ዕውቀት ነው። ጥላውን በራሱ እግር የሚለካ ሰው የሚያገኘው ቁጥር፣ ቁመቱ ስንት እግር እንደሆነ ካወቀና በእሱ ካካፈለው፣ ኮታንጀንት ነው።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንምጣ። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። ፀሐይ ደግሞ በዓመት ውስጥ ከምድር ወገብ በስተሰሜን እስከ 23.4 ዲግሪ፣ በስተደቡብም እስከዚያው ድረስ ትመላለሳለች። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ ከራሳችን በላይ ታልፋለች፤ አንዱ መጋቢት 29 ወይም 30፣ ሌላው ነሐሴ 29 ወይም 30 አካባቢ ነው። በቀሩት ቀናት እኩለ ቀን ላይ ወይ በስተሰሜናችን ወይ በስተደቡባችን ትሆናለች።

ከሰሜኑ አድማስ ተነስተን፣ በራሳችን በላይ አልፈን እስከ ደቡቡ አድማስ ድረስ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይን ዘዌ ከ0 እስከ 180 ዲግሪ እንለካ። ይህ አለካክ ከ90 ዲግሪ በታች ያለችውን የሰሜን ፀሐይ፣ ከ90 በላይ ካለችው የደቡብ ፀሐይ ይለይልናል። ወደ ደቡብ የሚወድቀውን ጥላ አዎንታዊ፣ ወደ ሰሜን የሚወድቀውን አሉታዊ እንበለው። አሁን የ1 ሜትር ዘንግ ጥላን ዓመቱን ሙሉ እንከተል።

ታኅሣሥ 12 አካባቢ ፀሐይ ከሁሉም ቀናት ይልቅ ወደ ደቡብ ትርቃለች። በእኛ አለካክ ዘዌዋ 120.5 ዲግሪ ነው፤ ኮታንጀንቱም −0.59 ይሆናል። የዘንጉ ጥላ 59 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል ማለት ነው። መጋቢት 11 አካባቢ፣ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ጊዜ፣ ዘዌው ወደ 97 ዲግሪ ይወርዳል፤ ጥላው አሁንም ወደ ሰሜን ነው፣ ርዝመቱ ግን 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መጋቢት 29 ወይም 30፣ በእጅ ሰዓታችን 6 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ገደማ ላይ፣ ዘዌው 90 ዲግሪ ይደርሳል፤ ጥላው ከዘንጉ ሥር ይገባና ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ጥላው በተቃራኒው አቅጣጫ ይወጣል። ሰኔ 14 አካባቢ ዘዌው 73.6 ዲግሪ ሲሆን፣ ጥላው 29 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ደቡብ ያመለክታል። ከዚያም መንገዱን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዳግመኛ በዜሮ በኩል ያልፋል።

እስቲ ጥያቄያችንን እናንሳ። መጋቢት 29 ቀን እኩለ ቀን ላይ የጥላው ርዝመት «አልተበየነም» ልንል እንችላለን? በፍጹም። ርዝመቱ ይታወቃል፤ ዜሮ ነው። በዋዜማው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ሰሜን ነበር፣ በማግስቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ደቡብ ይሆናል፤ በመካከሉ ምንም መቋረጥ የለም። ስለዚህ ትክክለኛው ብያኔ cos θ / sin θ ነው። «የታንጀንት ተገላቢጦሽ» የሚለው አባባል እንደ ማስታወሻ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ታንጀንት በሌለበት ቦታ ላይ ሥልጣን የለውም።

ይህን ጉዳይ ከታንጀንት ጋር አነጻጽሩት። በዚያው በመጋቢት መጨረሻ ሳምንት፣ የዘዌው ታንጀንት በጣም ትልቅ አሉታዊ ቁጥር ከመሆን ተነስቶ በጣም ትልቅ አዎንታዊ ቁጥር ወደ መሆን ይዘላል፤ በመካከሉም ዋጋ የለውም። አንዱ ፈንክሽን በሚፈነዳበት ቦታ ላይ ሌላው በጸጥታ በዜሮ በኩል ያልፋል። ይህ የተገላቢጦሽ ዋና ጠባይ ነው፤ ትልቅ የነበረው ትንሽ፣ ትንሽ የነበረው ትልቅ ይሆናል። በለንደን ለሚማር ልጅ ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር ነው። ፀሐይ እዚያ በበጋው እኩለ ቀን እንኳ ከ62 ዲግሪ ገደማ በላይ ስለማትወጣ፣ የኮታንጀንት ዜሮ መሬት ላይ አይታይም። እኛ ዘንድ ግን ይታያል።

ሙከራውን ለመሥራት ለምታስቡ ተማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የዘንጉ መቆም በዓይን ግምት አይበቃም፤ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ቱምቢ ያስፈልጋል። በመጋቢት መጨረሻ የእኩለ ቀን ፀሐይ በቀን 0.38 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ ስለዚህ የ1 ሜትር ዘንግ ጥላ ጫፍ በቀን 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዘንጉ 1 ዲግሪ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ቢያዘነብል፣ የጥላው ጫፍ ወደ 17 ሚሊ ሜትር ይሳሳታል፤ ጥላው የጠፋበት ቀንም በሁለት ተኩል ቀን ገደማ የተሳሳተ ይሆናል። ስህተቱን ማወቅ ይቻላል፦ በመጋቢትና በነሐሴ የምታገኟቸው ሁለት ቀናት ሁለቱም ወደ ሰኔ ቀርበው ወይም ሁለቱም ከሰኔ ርቀው ከተገኙ፣ ጥፋቱ የዘንጉ ነው። ሁለተኛው ገደብ የፀሐይ ስፋት ነው። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ስላላት የጥላው ጠርዝ ይደበዝዛል። ስለዚህ መለካት ያለበት የደበዘዘው ክፍል መካከል ነው።

የጥላውን ዜሮ ካየን ዘንድ፣ አሁን የኮታንጀንትን ሌላ ጫፍ እንመልከት፤ እዚያ በእውነት ብያኔ የለውም። ማለዳ ፀሐይ በአድማስ ላይ ስትሆን ዘዌው 0 ዲግሪ ነው፤ የ0 ዲግሪ ሳይን ዜሮ ስለሆነ ታሕቱ ዜሮ ይሆናል። መሬት ላይ ሲታይ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ጨረሩ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ስለሆነ ከዘንጉ ጫፍ ተነስቶ መሬቱን አይነካም፤ የጥላው ጫፍ የሚባል ነጥብም አይኖርም። እዚህ ላይ ዜሮ የሚባል መልስ አናገኝም፣ «እጅግ ትልቅ ቁጥር» የሚባል መልስም አናገኝም። ነጥቡ ራሱ የለም። ስለዚህ የኮታንጀንት ግራፍ በ0፣ በ180፣ በ360 ዲግሪና በመሳሰሉት ላይ ቀጥ ያለ አሲምፕቶት አለው። በሁለት አሲምፕቶቶች መካከል ከላይ ከግራ ተነስቶ፣ 90 ዲግሪ ላይ አግድሙን መስመር ቆርጦ፣ ወደ ቀኝ ታች ይወርዳል፤ በአንዱም ክፍል ውስጥ ሽቅብ አይመለስም። በየ180 ዲግሪው ያው ቅርጽ ይደገማል። የሐዋሳ የእኩለ ቀን ጥላ ዓመቱን ሙሉ የሚመላለሰው በዚህ ግራፍ መካከለኛ ክፍል፣ ከ73.6 እስከ 120.5 ዲግሪ ባለው ረጋ ያለ ቁራጭ ላይ ነው።

ኮሴካንት ከዚሁ ጎነ ሦስት ውስጥ ነው፤ ከዘንጉ ጫፍ እስከ ጥላው ጫፍ ያለው ጨረር ነው። ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ውስጥ ሀይፖቴንዩስ ከጎኖቹ ሊያጥር ስለማይችል፣ የ1 ሜትር ዘንግ ጨረር ከ1 ሜትር ሊያንስ አይችልም። የኮሴካንት ግራፍ በ−1 እና በ1 መካከል ምንም ነጥብ የሌለው በዚህ ምክንያት ነው። በታኅሣሡ ጥላ እንፈትነው፦ ጥላው 0.59፣ ዘንጉ 1 ስለሆኑ፣ በፓይታጎረስ መሠረት ጨረሩ የ1.348 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 1.16 ገደማ ነው። የ120.5 ዲግሪ ሳይን 0.862 ነው፤ 1 ሲካፈል ለ0.862 ያው 1.16 ይሆናል። ተማሪዎች 1 + cot² θ = csc² θ ብላችሁ የምታስታውሱት ቀመር ይኸው ነው።

የኮሴካንትን ግራፍ ለመሣል ከሁሉ የሚቀለው መንገድ በመጀመሪያ የሳይንን ግራፍ በቀጭን መስመር መሣል ነው። ሳይን አግድሙን መስመር በሚቆርጥበት ቦታ ሁሉ፣ ማለትም በ0፣ በ180፣ በ360 ዲግሪ፣ ቀጥ ያለ አሲምፕቶት አስምሩ። ሳይን ወደ 1 በሚደርስበት በ90 ዲግሪ ላይ ኮሴካንትም 1 ነው፤ ሁለቱ እዚያ ይነካካሉ። ከዚያ ግራና ቀኝ ሳይን ሲወርድ ኮሴካንት ይወጣል፤ ወደ ላይ የተከፈተ ቅርጽ ይፈጠራል። ከ180 እስከ 360 ባለው ክፍል ሳይን አሉታዊ ስለሆነ ቅርጹ ተገልብጦ ወደ ታች ይከፈታል፤ ጫፉም −1 ነው።

ኮሴካንት ከጥላ ውጭም ሥራ አለው። የፀሐይ ብርሃን ወደ እኛ ሲመጣ የሚያቋርጠው አየር፣ ፀሐይ ከራስ በላይ ስትሆን አንድ መጠን ቢባል፣ በሌላ ከፍታ ላይ csc θ ያህል ይሆናል። በ30 ዲግሪ ከፍታ ሁለት እጥፍ ነው። ይህ ቀመር አየሩን እንደ ጠፍጣፋ ንጣፍ ስለሚቆጥር ገደብ አለው። በ5 ዲግሪ ከፍታ ቀመሩ 11.5 ይላል፤ እውነተኛው መጠን 10 ከጥቂት ነው። በአድማስ ላይ ቀመሩ አይበየንም፤ ምድር ክብ ስለሆነች ግን የአየሩ መጠን ወደ 38 እጥፍ ገደማ ሆኖ ይቀራል፤ ፀሐይ ስትጠልቅም እናያታለን። ልዩነቱን አስተውሉ፦ የጥላው ጫፍ በአድማሷ ፀሐይ ጊዜ ጠፍጣፋ በሆነው መሬት ላይ በእርግጥ የለም፤ የአየሩ መጠን ግን አለ፣ የጠፋው ቀመሩ ነው። አንድ ቀመር «አይበየንም» ሲለን፣ የሌለው ነገሩ ነው ወይስ አምሳያው ነው ብለን መጠየቅ አለብን።

ሴካንት የኮሴካንት ወንድም ነው። የኮሴካንትን ግራፍ 90 ዲግሪ ወደ ግራ ብታንሸራትቱት ሴካንትን ታገኛላችሁ። ስለዚህ ቅርጹ ያው ሆኖ አሲምፕቶቶቹ ኮሳይን ዜሮ በሚሆንባቸው በ90፣ በ270 ዲግሪና በመሳሰሉት ላይ ይሆናሉ፤ 0 ዲግሪ ላይ ዋጋው 1 ነው። ለሴካንት የምሰጠው ምሳሌ ካርታ ነው። ጌራርዱስ መርካቶር በ1569 ባወጣው የዓለም ካርታ ላይ፣ የአንድ ቦታ ርዝመት ከምድር ወገብ አንጻር የሚለጠጠው በኬክሮሱ ሴካንት ያህል ነው። የሐዋሳ ኬክሮስ ሴካንት 1.0076 ነው፤ ከተማችን በዚህ ካርታ ላይ ከአንድ በመቶ ባነሰ ብቻ ትለጠጣለች። በ60 ዲግሪ ላይ ያለ አገር ሁለት እጥፍ ይለጠጣል። በ90 ዲግሪ ላይ ሴካንት አይበየንም፤ ስለዚህ የሰሜን ዋልታ በዚህ ካርታ ላይ ቦታ የለውም። ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢረዝም አይደርስበትም። ዋልታው ግን በምድር ላይ አለ። እዚህም የጠፋው አምሳያው ነው።

በመጨረሻ ስለ መሣሪያዎቻችን ጥቂት ልበል። ካልኩሌተራችሁ ላይ የኮሴካንት ቁልፍ የለም። sin⁻¹ የሚለው ቁልፍ ኮሴካንት አይደለም፤ እሱ ከሳይን ወደ ዘዌ የሚመልስ ሌላ ፈንክሽን ነው። የ30 ዲግሪን ኮሴካንት ለማግኘት 1 ÷ sin(30) ጻፉ፤ መልሱ 2 ነው። ካልኩሌተሩ ላይ 1 ÷ tan(90) ስትጽፉ የስህተት መልእክት ይመጣል፤ cos(90) ÷ sin(90) ስትጽፉ ግን 0 ይመጣል። በኮምፒውተር ላይ ሌላ ነገር ታያላችሁ።

```
import math
print(1 / math.tan(math.pi / 2))
print(math.cos(math.pi) / math.sin(math.pi))
```

የመጀመሪያው መስመር ስህተት አይልም፤ ለዜሮ እጅግ የቀረበ ቁጥር ይሰጣል። ሁለተኛው፣ ኮታንጀንት በማይበየንበት በ180 ዲግሪ ላይ፣ ከዜሮ በታች የሆነ ግዙፍ ቁጥር ይሰጣል። ምክንያቱ ኮምፒውተሩ የፓይን ዋጋ በተወሰኑ አሃዞች ቆርጦ ስለሚይዝ፣ ትክክለኛው ዘዌ ላይ ፈጽሞ አለማረፉ ነው። ግራፍ የሚሥሉ ፕሮግራሞችም ከአሲምፕቶቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ነጥቦች በመስመር ሲያገናኙ፣ የፈንክሽኑ አካል የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር ይሥላሉ። ይህ መስመር ሐሰት ነው። ለመለየት የምትፈልጉ፣ በዚያ ዘዌ ላይ ታሕቱ ዜሮ መሆኑን በእጃችሁ አረጋግጡ።

እንግዲህ ከእነዚህ ሦስት ፈንክሽኖች አንዱን ስታገኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ታሕቱ መቼ ዜሮ ይሆናል?» የሚለውን ነው። ለኮሴካንትና ለኮታንጀንት ታሕቱ ሳይን ነው፣ ለሴካንት ኮሳይን ነው። ለኮታንጀንት ግን ታንጀንትን በታሕት አታስቀምጡ፤ ያን ካደረጋችሁ፣ በሐዋሳ እኩለ ቀን ላይ በዜሮ በኩል በሰላም የሚያልፈውን ጥላ የለም ልትሉት ነው።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።